ስልክ ቁጥር ወደ ባንክ ሂሳብ የሚቀየርበት መንገድ፦ የፒክስ ቁልፍ ፍለጋ ደረጃ በደረጃ

ላኪው ስልክ ቁጥር ይጽፋል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ስልክ ቁጥር አይሄድም። የሚሄደው ወደ አንድ ባንክ፣ እዚያም ውስጥ ወዳለ አንድ የሂሳብ ቁጥር ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር ሥራ፣ ማለትም ቁጥሩን ፈልጎ ሂሳቡን ማግኘት፣ ብዙ ፕሮግራመር የሚሰናከልባት ናት። እኛ አገር ዋሌት ላይ ሠርቶ የመጣ ሰው ደግሞ የባሰ ይሳሳታል። በቴሌብር ስልክ ቁጥሩ ራሱ የዋሌቱ መለያ ስለሆነ፣ ቁጥሩ የታወቀ ሂሳቡም የታወቀ ይመስለዋል። ብዙ ባንኮች አንድ ማውጫ በሚጋሩበት ሥርዓት ውስጥ ግን ቁጥሩ ዛሬ አንድ ባንክ ጋ፣ ነገ ሌላ ባንክ ጋ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ የምወስደው ፒክስ የተባለውን የብራዚል የፈጣን ክፍያ ሥርዓት ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2020 በይፋ ሥራ ያስጀመረው ሲሆን የማውጫው ቴክኒካዊ ሰነድ ለማንም ክፍት ነው። የምትሠሩበት ሥርዓት ሌላ ቢሆንም ቅደም ተከተሉና የሚበላሹት ቦታዎች ይመሳሰላሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች እንዳሉ ልብ በሉ። አንደኛው ዲክት የሚባለው ማውጫ ነው። ቁልፍ፣ ማለትም ሂሳቡን የሚወክል እንደ ስልክ ቁጥር ያለ ነገር፣ ትሰጡታላችሁ፤ ሂሳብ ይመልስላችኋል፣ ገንዘብ ግን አይነካም። ሁለተኛው ኤስፒአይ የሚባለው የክፍያ ማወራረጃ ነው። እሱ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ ቁልፉን ግን ራሱ አይፈታም፤ የሚሠራው በሰጣችሁት የባንክ ኮድና የሂሳብ ቁጥር ነው። ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል፦ ከማውጫው ያመጣችሁት መረጃ ያረጀ ከሆነ ኤስፒአይ አያርማችሁም። ሂሳቡ እስካለና የባለቤቱ መረጃ እስከተስማማ ድረስ ገንዘቡ ወደ አሮጌው ሂሳብ ይገባል።

በፒክስ ቁልፍ የሚባሉት አምስት ዓይነት ናቸው፦ የግለሰብ የግብር ከፋይ ቁጥር (ሲፒኤፍ፣ 11 አሃዝ)፣ የድርጅት የግብር ከፋይ ቁጥር (14 ቦታ)፣ ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ እና ማውጫው በዘፈቀደ የሚያወጣው ረጅም መለያ። አንድ ግለሰብ በአንድ ሂሳብ ላይ እስከ 5 ቁልፍ ማስመዝገብ ይችላል። ድርጅት እስከ 20።

## ደረጃ 1፦ የተጻፈውን ቁልፍ አንድ ዓይነት ቅርጽ አስይዙ

ማውጫው ቁልፉን የሚያወዳድረው ፊደል በፊደል ነው። ስለዚህ ሰው እንደመጣለት የጻፈውን እንዳለ አትላኩ።

ስልክ ከሆነ ክፍተቱን፣ ቅንፉንና ሰረዙን አስወግዱ፤ ከዚያ በመደመር ምልክትና በአገር ኮድ እንዲጀምር አድርጉ። የሳኦ ፓውሎ ሰው `(11) 90000-0000` ብሎ ከጻፈ የሚላከው `+5511900000000` ነው። በእኛ ቁጥር ብታስቡት፣ ሰው በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ሲጽፍ ዜሮዋን ጥላችሁ በ`+251` ትተካላችሁ ማለት ነው። ሰውየው ራሱ በ251 ጀምሮ ከጻፈ ደግሞ መደመሯን ብቻ ጨምሩ። ይህን ሁለተኛውን ሁኔታ ሳያስቡ 251ን ሁለት ጊዜ የሚደራርቡ ፕሮግራሞች አሉ።

ኢሜይል ከሆነ ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሩ፤ ከ77 ፊደል በላይ ከሆነ ጭራሽ አትላኩት።

ሲበላሽ እንዴት ታውቃላችሁ? ደንበኛው "ቁልፌን ትናንት ነው ያስመዘገብኩት፣ በሌላ ባንክ መተግበሪያ ይሠራል፣ በእናንተ ግን አልተገኘም ይላል" ካለ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ። በመዝገባችሁ ላይ ተጠቃሚው የጻፈውን ሳይሆን በትክክል ወደ ማውጫው የወጣውን ጽሑፍ አንብቡ።

## ደረጃ 2፦ 11 አሃዝ ሲመጣ አትገምቱ

ይህ የብራዚል ልዩ ወጥመድ ነው። ሲፒኤፍ 11 አሃዝ ነው። የአካባቢ ኮድ ያለው የሞባይል ቁጥርም 11 አሃዝ ነው። ተጠቃሚው `11900000000` ብሎ ሲጽፍ የትኛውን ማለቱ ነው?

በከፊል የሚረዳ ዘዴ አለ። የሲፒኤፍ የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ከፊተኞቹ ዘጠኝ የሚሰሉ የማረጋገጫ አሃዞች ናቸው። የመጀመሪያውን ለማግኘት ዘጠኙን አሃዞች በ10፣ በ9፣ በ8 እያላችሁ እስከ 2 አባዙና ደምሩ። ለእኛ ቁጥር 1×10 + 1×9 + 9×8 = 91 ይሆናል፤ የቀሩት ዜሮ ናቸው። 91 ለ11 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው። ከ11 ላይ 3 ሲቀነስ 8። ስለዚህ አሥረኛው አሃዝ 8 መሆን ነበረበት፤ እኛ ጋ ግን 0 ነው። እንግዲህ ይህ ሲፒኤፍ አይደለም፣ እንደ ስልክ ውሰዱት።

ነገር ግን ሁለት የማረጋገጫ አሃዝ ማለት ከመቶ ስልክ ቁጥሮች አንዱ ገደማ በአጋጣሚ ትክክለኛ ሲፒኤፍ መስሎ ያልፋል ማለት ነው። በሚሊዮን ደንበኛ ይህ ብዙ ሰው ነው። ስለዚህ ስሌቱ ሲያልፍ ራሳችሁ አትወስኑ፤ "ስልክ ነው ወይስ ሲፒኤፍ?" ብላችሁ ሰውየውን ጠይቁ። አንድ ተጨማሪ ንክኪ ያስከፍላል፤ ገንዘብ ለማያውቁት ሰው ከመላክ ግን በብዙ ይሻላል።

## ደረጃ 3፦ ከፍለጋው በፊት የክፍያውን መለያ ፍጠሩ

ብዙዎች ፈልገው ከጨረሱ በኋላ፣ ክፍያውን ሊልኩ ሲሉ ነው መለያ የሚያወጡት። በፒክስ ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ 32 ቦታ ያለው መለያ አለው፣ ፍለጋውም ይህንኑ መለያ ይዞ ነው የሚሄደው። ማውጫው "ይህ ፍለጋ ወደ ክፍያ ደረሰ ወይስ ዝም ብሎ የሰው ስም ማሰስ ነበር?" የሚለውን የሚለየው በእሱ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው፦ `E` ፊደል፣ ከዚያ የላኪው ባንክ ባለ 8 አሃዝ ኮድ፣ ከዚያ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ፣ በመጨረሻም ራሳችሁ የምታወጡት 11 ፊደልና ቁጥር።

```
E12345678202603101405aB3dE5gH7jK
```

ሰዓቱ የዓለም አቀፉ ሰዓት እንጂ የብራዚሊያ ሰዓት አይደለም። ከላይ ያለው ክፍያ በብራዚሊያ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 11፡05 ላይ የተሠራ ነው፤ መለያው ላይ ግን 14፡05 ተብሎ ተጽፏል። የሰርቨሩን የአካባቢ ሰዓት የሚወስድ ኮድ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ መለያ ያወጣል።

## ደረጃ 4፦ ጥያቄውን ላኩ፣ መልሱንም በዓይነቱ ለዩ

```
GET /entries/%2B5511900000000
PI-RequestingParticipant: 12345678
PI-PayerId: 11144477735
PI-EndToEndId: E12345678202603101405aB3dE5gH7jK
```

መደመሯ `%2B` ሆና መጻፏን ተመልከቱ። አንዳንድ ላይብረሪዎች እንዳለች የተላከችውን መደመር ወደ ባዶ ቦታ ይቀይሯታል፣ ያኔ ያለ ቁልፍ እንደሌለ ሆኖ ይመለሳል። `PI-PayerId` ላይ የሚገባው የከፋዩ የግብር ቁጥር ነው፤ ማን እየፈለገ እንደሆነ ማውጫው ማወቅ ይፈልጋል።

ቁልፉ ከተገኘ ከመልሱ ውስጥ ዋናው ክፍል ይህን ይመስላል፦

```
<KeyType>PHONE</KeyType>
<Account>
  <Participant>87654321</Participant>
  <Branch>0001</Branch>
  <AccountNumber>0007654321</AccountNumber>
  <AccountType>CACC</AccountType>
</Account>
<Owner>
  <Type>NATURAL_PERSON</Type>
  <TaxIdNumber>12345678909</TaxIdNumber>
</Owner>
```

የተቀባዩ ባንክ፣ ቅርንጫፍ፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የሂሳብ ዓይነት፣ የባለቤቱ የግብር ቁጥርና ስም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስልክ ቁጥሩ ሂሳብ የሆነው እዚህች ላይ ነው።

ካልተገኘ `404` ይመለሳል። ይህ እርግጠኛ መልስ ነው፦ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። ለተጠቃሚው "ቁልፉ አልተመዘገበም፣ ቁጥሩን አረጋግጡ" በሉት፤ በራሳችሁ ደግማችሁ አትሞክሩ። በ`5` የሚጀምር ስህተት ወይም መልስ ሳይመጣ ጊዜው ማለፉ ግን ሌላ ነገር ነው። ቁልፉ ይኑር አይኑር አላወቃችሁም። ፍለጋ ገንዘብ ስለማያንቀሳቅስ በዚያው መለያ ደግማችሁ ብትፈልጉ ጉዳት የለውም። ሁለቱን ስህተቶች "አልተሳካም" በሚል አንድ መልእክት ስር የሚያጠቃልል መተግበሪያ፣ ማውጫው ለአንድ ደቂቃ ሲደናቀፍ ለሺህ ሰዎች "ቁልፉ የለም" ብሎ ሐሰት ይነግራል።

### በየፊደሉ አትፈልጉ

ከሁሉም በላይ ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ስልክ ቁጥር እየሞካከረ የባለቤቶችን ስም እንዳይሰበስብ ማውጫው ለእያንዳንዱ ከፋይ የፍለጋ ቋት ይይዛል። ለግለሰብ ቋቱ 100 ነጥብ ነው። የተሳካ ፍለጋ 1 ነጥብ ይቀንሳል፤ ፍለጋው ወደ ክፍያ ከደረሰ ነጥቡ ይመለሳል። ያልተገኘ ቁልፍ ግን 20 ነጥብ ይወስዳል። ቋቱ የሚሞላው በደቂቃ 2 ነጥብ ነው። ስለዚህ በተከታታይ አምስት የተሳሳቱ ፍለጋዎች ቋቱን ባዶ ያደርጉታል፣ አንዷን ስህተት ለማካካስም አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ቋቱ ባዶ ሲሆን `429` ይመለሳል።

አሁን ተጠቃሚው በ`.com.br` የሚያልቅ ኢሜይል እየጻፈ ነው እንበል፣ መተግበሪያውም ኢሜይል የሚመስል ነገር ባየ ቁጥር ይፈልጋል። `.co` ላይ ሲደርስ አንድ፣ `.com` ላይ ሁለት፣ `.com.b` ላይ ሦስት። ትክክለኛው አድራሻ ከመጠናቀቁ በፊት 60 ነጥብ ጠፋ። አንድ ቡድን ውስጥ ስሠራ የገጠመን ይኸው ነበር። ፈታኞቻችን በየቀኑ ይታገዱ ነበር፣ እኛ ደግሞ ጥፋቱን ኔትወርክ ላይ ስንፈልግ ቀናት ፈጀን። መፍትሔው አንድ መስመር ነበር፦ ፍለጋው የሚነሳው ተጠቃሚው "ቀጥል" የሚለውን ሲጫን ብቻ ይሁን።

## ደረጃ 5፦ ለሰውየው አሳዩት፣ አስቆሙትም

የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ የባንኩን ስምና የተሸፈነውን የግብር ቁጥር አሳዩ። በምሳሌያችን `123.456.789-09` የሚታየው `***.456.789-**` ሆኖ ነው። የሂሳብ ቁጥሩን ለላኪው አታሳዩ፤ ሰውየው ስልኩን እንጂ ሂሳቡን ለማንም አልሰጠም።

ይህ ገጽ ለጌጥ አይደለም። በጠቅላላው ሂደት ውስጥ የተሳሳተ ሰው መሆኑን ሊያውቅ የሚችለው ላኪው ብቻ ነው። ማውጫው ቁጥሩ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ላኪው ማንን እንዳሰበ ግን አያውቅም። ስለዚህ ስሙን በትልቁ ጻፉት፣ ከማረጋገጫው መጫኛ አጠገብም አድርጉት። ተጠቃሚው ያረጋገጠው ስምና በመጨረሻ የሚላከው ሂሳብ ከአንድ ፍለጋ የመጡ መሆናቸውን በኮድ አስገድዱ።

ሰውየው ገጹን ከፍቶ ስልኩን ኪሱ ቢከትስ? ለማረጋገጫው አጭር ዕድሜ ስጡት። እኔ ጥቂት ደቂቃ እሰጠዋለሁ፤ ካለፈ በአዲስ መለያ እንደገና ይፈለጋል።

## ደረጃ 6፦ ክፍያውን ከፍለጋው መልስ ሥሩ

አሁን `pacs.008` የተባለውን የክፍያ መልእክት ታዘጋጃላችሁ። የባንክ ኮዱን፣ የሂሳብ ቁጥሩን፣ የሂሳብ ዓይነቱንና የባለቤቱን የግብር ቁጥር ከማውጫው መልስ እንዳለ ገልብጡ። በሂሳብ ቁጥሩ መጀመሪያ ያሉትን ዜሮዎች "አላስፈላጊ" ብላችሁ አትቁረጡ፤ የሂሳብ ቁጥርን በቁጥር ዓይነት ሳይሆን በጽሑፍ ዓይነት ያዙ። ቁልፉ ራሱ `Prxy` በሚለው ቦታ ይገባል። የክፍያው አነሳስ `DICT` ይባላል፤ ሰው የሂሳብ ቁጥሩን በእጁ ጽፎ ቢሆን `MANU` ይሆን ነበር። መለያው በደረጃ 3 ያወጣችሁት ያው መለያ ነው። አዲስ ካወጣችሁ ፍለጋው ከክፍያው ይለያያል፣ የከፋዩም ነጥብ አይመለስም።

## ደረጃ 7፦ ክፍያው ከተመለሰ ኮዱን አንብቡ

ተቀባዩ ባንክ ከመቀበሉ በፊት ሂሳቡንና የግብር ቁጥሩን ያስተያያል። እምቢ ካለ ምክንያቱ በኮድ ይመጣል።

`AC03` የሂሳብ ቁጥሩ የለም ወይም ልክ አይደለም ማለት ነው። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ፦ ዜሮ ቆርጣችኋል?

`AC07` ሂሳቡ ተዘግቷል። እናንተ የገለበጣችሁት ልክ ከሆነ ተቀባዩ ባንክ ሂሳቡን ሲዘጋ ቁልፉን ከማውጫው አላነሳም። ላኪውን በሌላ ቁልፍ እንዲሞክር ንገሩት።

`BE01` የግብር ቁጥሩ ከሂሳቡ ባለቤት ጋር አይገጥምም። ይህ መልስ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ገንዘቡ ወደማይሆን ሰው እንዳይገባ ያስቆመው ይህ ፍተሻ ነው። ፍለጋውን እንደገና አድርጉ፣ ስሙንም እንደገና አሳዩ።

`AB03` ጊዜው አልፎ ክፍያው ተቋርጧል ማለት ነው። ይህም የተረጋገጠ ውጤት ስለሆነ በአዲስ ሙከራ መጀመር ይቻላል። አደገኛው ምንም መልስ ሳይመጣ የቀረበት ጊዜ ነው። ያኔ በአዲስ መለያ ክፍያ አትላኩ። የመጀመሪያው መለያ ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቃችሁ እስክታውቁ ድረስ የደንበኛውን ገንዘብ ያዙት፤ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ተቀባይ ባንክ ሆናችሁ `AC07` እና `BE01` የምታበዙ ከሆነ፣ የራሳችሁ የቁልፍ መዝገብ ከማውጫው ተለያይቷል። ለዚህ ማስታረቂያ ተበጅቷል። እያንዳንዱ የቁልፍ መዝገብ ከይዘቱ የሚወጣ አሻራ አለው፤ የሁሉም አሻራዎች በ`XOR` ተጣምረው አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። የእናንተና የማውጫው ቁጥር ከተለያየ አንድ መዝገብ የሆነ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነውና ዝርዝሩን አምጥታችሁ አስተያዩ።

## ቁጥሩ እጅ ሲቀይር

የቅድመ ክፍያ ሲም ተትቶ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ቁልፉ ማውጫው ውስጥ ገና በአሮጌው ባለቤት ስም ነው። አዲሱ ሰው በባንኩ በኩል የይዞታ ጥያቄ ያነሳል። አሮጌው ባለቤት ቁጥሩ አሁንም በእጁ መሆኑን ለማረጋገጥ 7 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ቁልፉን ያጣል። አንድ ሰው የራሱን ቁልፍ ከባንክ ወደ ባንክ ሲያዛውርም እንዲሁ 7 ቀን ይሰጣል፤ እዚህ ግን ዝምታ ጥያቄውን ይሰርዘዋል። ሁለቱን በአንድ ኮድ የሚያስኬድ ሰው አንዱን በግድ ይሳሳታል። ጥያቄው እስኪወሰን ቁልፉ የሚያሳየው አሮጌውን ሂሳብ ነው።

ስለዚህ ተጠቃሚያችሁ ከዓመት በፊት ያስቀመጠውን ተቀባይ ሲመርጥ የድሮውን ሂሳብ አውጥታችሁ አትላኩ። ቁልፉን ብቻ አስቀምጡ፣ በየክፍያው እንደገና ፈልጉ። በማውጫው መልስ ውስጥ ሁለት ቀኖች አሉ። `CreationDate` ቁልፉ ከዚህ ሂሳብ ጋር የተያያዘበት ነው፤ ባንክ ሲቀየርም ይለወጣል። `KeyOwnershipDate` ግን ይህ ሰው ቁልፉን የያዘበት ቀን ነው፤ ባለቤቱ ባንክ በመቀየሩ አይለወጥም። ተቀባዩ ከተቀመጠበት ቀን ወዲህ ሁለተኛው ቀን ከታደሰ ቁጥሩ አዲስ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ገጹን አቁሙና "ይህ ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ሊሆን ይችላል" ብላችሁ የድሮውን ስምና የአሁኑን ስም ጎን ለጎን አሳዩ።

## ሌላ ሥርዓት ላይ ከሆናችሁ

ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ማውጫው የሚመልሰው ሂሳቡን ነው ወይስ መንገዱን ብቻ? ዩፒአይ የተባለው የሕንድ የክፍያ ሥርዓት ሁለተኛው ነው። አድራሻው `ስም@መያዣ` ዓይነት ሲሆን ማዕከሉ ከመያዣው የሚያውቀው የትኛው ተቋም እንደሚያስተዳድረው ነው። ክፍያው ሲመጣ ማዕከሉ ያንን ተቋም `ReqAuthDetails` በሚባል መልእክት ይጠይቃል፣ ሂሳቡን የሚነግረው እሱ ነው። የላኪው መተግበሪያ የሂሳብ ቁጥሩን አያይም። ስለዚህ እዚያ ስም ለማሳየት `ReqValAdd` የሚባል የተለየ ጥያቄ አስቀድማችሁ ትልካላችሁ፤ የስሙ ማረጋገጫና የሂሳቡ መፈታት ሁለት የተለያዩ ጊዜያት ላይ ይፈጸማሉ። በመካከላቸው ተቀባዩ ዋና ሂሳቡን ቢቀይር ገንዘቡ ወደ አዲሱ ይገባል፣ ይህም በዩፒአይ ትክክለኛ ባህርይ ነው።

## ለደንበኛ ከመልቀቃችሁ በፊት የሚሞከር

አንድ የሙከራ ስልክ ቁጥር በሁለት የተለያዩ የሙከራ ባንኮች ይኑራችሁ። በመጀመሪያው አስመዝግቡት፣ ተቀባይ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ 1 ሪያል ላኩበት። ከዚያ በሌላ ሲፒኤፍ የይዞታ ጥያቄ አንስታችሁ ወደ ሁለተኛው ባንክ አዛውሩት። አሁን ከተቀመጡት ተቀባዮች ዝርዝር መርጣችሁ እንደገና 1 ሪያል ላኩ። ማስጠንቀቂያው ሳይወጣ ገንዘቡ ካለፈ፣ ወይም የመጀመሪያው ባንክ ከደረሰ፣ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና የፍለጋውን መልስ የትኛው ሠንጠረዥ ላይ እያስቀመጣችሁት እንደሆነ ፈልጉ።